የመሰናበቻ መዝሙራችንን ማን ይቀበለዋል?

(በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የበዓሉ ኮሚቴ ዘንድሮ ተመራቂዎች ስለሚያሰሙት የመሰናበቻ መዝሙር ጥቂት እንድናገር ጠይቆኛል። ኮሚቴው እስከ ዛሬ የተከራከረበት ነገር መዝሙሩን ማን ይግጠመው፣ ዜማውንስ ማን ያውጣው የሚል ነው። ይህ መጠየቁ ደግ ነው። ዳሩ ግን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ ብዬ አምናለሁ፤ ይኸውም መዝሙሩን ማን ይቀበለዋል የሚለው ነው።

በአገራችን ልማድ ዘፈን ሁለት ወገን አለው። አንዱ አውጪ ነው፤ ሌላው ተቀባይ ነው። አውጪው ግጥሙን ይለዋውጣል፤ ተቀባዩ ግን ያንኑ አዝማች ይመላልሳል። የክፍል መሰናበቻ መዝሙርም እንደዚሁ ነው። ድምፁ ያማረ አንድ ጓደኛችን ፊት ቆሞ ያወጣል፤ እኛ አርባውም ኀምሳውም እናነሣለን። ኩራቱን፣ ትዝታውንና ፍርሃት የተቀላቀለበትን ተስፋ ሁሉም በአንድ ልብ እንዲያሰማ የምንፈልግ ከሆነ፣ ጥንቃቄያችን ሁሉ በአዝማቹ ላይ መሆን አለበት። ምክንያቱም በግጥሙ ውስጥ ያለውን ቃል አንድ ሰው ብቻ ይሸከመዋል፤ በአዝማቹ ያለውን ግን ሁላችን እንሸከመዋለን።

ይህን ለማስረዳት አንድ የማውቀውን ነገር ልንገራችሁ። እኔ የኑኑ ቁምባ ልጅ ነኝ። ሁለተኛ ደረጃን የጨረስሁት ግን በነቀምቴ ነው። እንደ ብዙዎቻችሁ ከገጠር መጥቼ፣ ከሦስት ልጆች ጋራ አንዲት ክፍል ቤት ተከራይቼ፣ በየሁለት ሳምንቱ ከቤት ስንቅ እየተላከልኝ ተማርሁ። በእነዚያ ዓመታት በወለጋ በብዙ ስፍራ ግጭት ስለ ነበረ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፤ ሌላ ቀን ይዘጋል። ስንቁ የሚደርስበት ሳምንት ነበረ፤ የማይደርስበትም ሳምንት ነበረ። ባልደረሰ ጊዜ የአንዱን ቆሎ አራታችን እንካፈላለን። የትምህርቱ ዓመት በ2014 ዓ.ም. ሲያልቅ የክፍላችን ልጆች ተሰብስበው የመሰናበቻ መዝሙር አዘጋጁ። አዝማቹ እንዲህ ይል ነበር፦

በካምፓስ ደጃፍ ላይ ዳግም ተገናኝተን፣
አብረን እንማራለን ሁላችንም ገብተን።

ግጥሙ ቤት ይመታል። ዜማውም ያማረ ነበረ። በዚያን ቀን ያላለቀሰ አልነበረም ለማለት እችላለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና የተሰጠው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ፈተናውም ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሆን ስለ ተወሰነ፣ ተማሪው በአውቶቡስ እየተጫነ ወደ ግቢዎቹ ሄደ፤ እዚያው እያደረም ተፈተነ። ስለዚህ የመዝሙራችን ትንቢት በአንድ መንገድ ተፈጸመ ማለት ይቻላል፤ በእውነትም በካምፓስ ደጃፍ ላይ ተገናኘን። የገባነው ግን ለጥቂት ቀን ነው። ውጤቱ በጥር ሲነገር፣ በአገሪቱ በሙሉ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ሆኑ። ከቀሩት የተወሰኑት በማካካሻው ትምህርት በኩል ዕድል አገኙ። ብዙዎቹ ግን ወደየቤታቸው ተመለሱ።

በዚያው ዓመት ከክፍላችን ልጆች የአንዱ እኅት ስትዳር ሠርጉ ላይ ተገናኘን። ማታ ላይ፣ ጨዋታው በደመቀ ጊዜ፣ በክፍላችን አውጪ የነበረው ልጅ ያንን መዝሙር አነሣው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቤቶች ብቻውን አለ። አዝማቹ ላይ ሲደርስ እኛ እንድንቀበል ዝም አለ። የተቀበለ ግን አልነበረም። ካምፓስ የገባነው ጥቂቶች፣ ባልገቡት ፊት «ሁላችንም ገብተን» ብለን እንዴት እንበል? ያልገቡትስ እንዴት ይበሉት? ከዚያ ወዲህ ያን መዝሙር ሲዘፈን አልሰማሁትም።

ይህን የነገርኋችሁ ያን መዝሙር የገጠሙትን ለመንቀፍ አይደለም። ግጥሙ በቅን ልብ የተገጠመ ነበረ። ነገር ግን የተበላሸው በየት ላይ እንደ ሆነ ለይተን ብናየው ለዘንድሮው ይጠቅመናል። የተበላሸው በሁለት ቃል ነው። አንደኛው «እንማራለን» የሚለው ነው፤ ገና ያልሆነውን እንደሚሆን አድርጎ ይናገራልና። ሁለተኛው «ሁላችንም» የሚለው ነው፤ አንድ ሰው እንኳ ቢቀር ቃሉ ሐሰት ይሆናልና። በግጥሙ መካከል ቢሆኑ ኖሮ እነዚህ ሁለት ቃሎች ባልጎዱ ነበር፤ አውጪው በማግሥቱ ይለውጣቸዋል። በአዝማቹ ውስጥ ስለ ገቡ ግን መዝሙሩን ይዘውት ሞቱ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛም የክፍል መሰናበቻችንን የምናደርገው ከመውጫ ፈተናው በፊት ነው። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከተጀመረ ወዲህ፣ የአራት ወይም የአምስት ዓመቱን ትምህርት የጨረሰ ተማሪ ከመቶ 50 ካላመጣ ዲግሪውን አይቀበልም፤ እንደ ገና መፈተን ይኖርበታል። እንግዲህ መዝሙሩን በምናሰማበት ቀን በመካከላችን ማን እንደሚያልፍና ማን እንደሚዘገይ የሚያውቅ አይኖርም። ለኮሚቴው ከቀረቡት ረቂቆች በአንደኛው አዝማች ውስጥ «ተመረቅን» የሚል ቃል ስላየሁ፣ ስለዚሁ ቃል ትንሽ መናገር ግድ ሆነብኝ።

«ምረቃ» ማለት በመጀመሪያው ትርጉሙ ቡራኬ ማለት ነው። ሽማግሌ ይመርቃል፤ ልጅ ይመረቃል። የዩኒቨርሲቲው ነገር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በአፋን ኦሮሞም ነገሩ ልክ እንደዚሁ ነው፤ «ኤባ» ማለት ምርቃት ነው፤ ትምህርቱን ጨርሶ ዲግሪ የሚቀበለውም ሰው በዚሁ በ«ኤባ» ቃል ይጠራል። ሁለቱም ቋንቋዎች አንድ ነገር ይነግሩናል። ማንም ራሱን አይመርቅም። ስለዚህ «ተመረቅን» የሚለው ቃል የሚያምረው መራቂው ቃሉን ከተናገረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ከሆነ የሌላውን ሰው ንግግር ቀምቶ እንደ መናገር ይቆጠራል።

ከዚህም ሌላ የምርቃትን አነጋገር ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ሽማግሌ ሲመርቅ «መንገድህ ቀንቷል» አይልም፤ «መንገድህ ይቅና» ይላል። ሰዎቹም በየቃሉ «አሜን» ይላሉ፤ በኦሮሞ ሽማግሎች ዘንድም «ይሁን» ብለው በአፋን ኦሮሞ ይቀበላሉ። ተስፋንና ፍርሃትን በአንድ ቃል ማስቀመጥ የሚቻለው በዚህ አነጋገር ብቻ ነው። «ይቅና» ስንል እንዲቀና እንመኛለን፤ ላይቀና እንደሚችልም በዚያው እናምናለን። ስለዚህ ተስፋችንን በ«እናደርጋለን» ሳይሆን በ«ይሁንልን» ብንገጥመው፣ ውጤቱ ምንም ቢሆን ቃሉ አይዋሽም።

ኩራታችንንስ የት እናግባው? ኩራትን መተው አይቻልም፤ ያለ ኩራት የመሰናበቻ መዝሙር አይኖርም። በዚህ ነገር መምህራችን ሊሆን የሚችል የአገራችን ዘፈን አለ፤ እርሱም ጌራርሳ ነው። ጌራርሳ በኦሮሞ ዘንድ ሰው ስለ ራሱ የሚዘፍነው ነው። ዘፋኙ የሠራውን ይቈጥራል፤ ያጣውንም ይናገራል፤ የበደለውን ይከሳል፤ ስለ ነገው ይመኛል። አዲሱ ቶሌሳ የተባሉት ምሁር በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ ጌራርሳ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፈዋል። ለእኛ ነገር የሚጠቅመን ዋናው ቁም ነገር በጌራርሳ የሚፎክረው ሰው «እኔ» እያለ መፎከሩ ነው። የራሱን ነገር ስለሚናገር ቃሉን ሊያስተባብልበት የሚችል የለም፤ ሰሚውም የእርሱ ኩራት ለምን የእኔ አልሆነም ብሎ አይቀየምም። እኛም ኩራቱን ለአውጪው እንስጠው፤ አውጪውም «እኔ» ይበል። ለምሳሌ ያህል፦

ቡና ሸጣ እናቴ ደብተር የገዛችልኝ፣
ስሜ ተጠርቷልና እልል ትበልልኝ።

ይህን የሚለው አንድ ሰው ነው። ሰሚው ግን የየራሱን እናት ያስባል። «እኛ ጀግኖች» ከማለት ይልቅ ይህ ይበልጥ ልብ የሚነካው ስለዚህ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ጌራርሳ በልማድ የወንዶች ዘፈን ነው፤ ከክፍላችን ግን ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ አውጪው አንድ ብቻ አይሁን። ከወንድ አንድ፣ ከሴት አንድ ተመርጠው ተራ በተራ ያውጡ።

እንግዲህ ኩራቱ ለአውጪው፣ ተስፋውም ለምርቃቱ ቃል ከተሰጠ፣ ለአዝማቹ የሚቀረው ትዝታው ነው። ትዝታ የሁላችን ነው። ያለፈውን ማንም ፈተና አይወስድብንም። አብሮ የተማረ ሁሉ፣ ቢያልፍም ቢቀርም፣ አብሮ መማሩ እውነት ነው። በዚህ መሠረት ለምርመራችሁ ያህል ከጓደኞቼ ጋራ የገጠምነውን አዝማች ላንብብላችሁ፦

በአንድ ቆርቆሮ ሥር ዝናብ ያዳመጥን፣
ደኅና ሁኑ ስንል ስንቅ ተለዋወጥን።

ነቀምቴ የኖረ ሰው የቆርቆሮውን ነገር ማስረዳት አያስፈልገውም። ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ ሲወርድ መምህሩ መናገሩን ይተዋል፤ ተማሪውም መስማቱን ይተዋል፤ ሁሉም ዝም ብሎ ጣሪያውን ያዳምጣል። ይህ ያላገኘው የክፍላችን ልጅ የለም። ስንቅ መካፈሉም እንደዚያው ነው። በዚህ አዝማች ውስጥ ያለው ሁሉ የሆነ ነገር ነው፤ ነገ የሚያስተባብለው አይኖርም።

ቅርጹንም በአጭሩ ልግለጽ። እያንዳንዱ መስመር 12 ቀለም ነው፤ በመካከሉ ትንፋሽ የሚወሰድበት ዕረፍት አለ፤ ስለዚህ 6 ቀለም በዚህ፣ 6 ቀለም በዚያ ይሆናል። በመደዳ የሚዘፈኑት አብዛኞቹ የአማርኛ ግጥሞች በዚህ ልክ ስለሚሄዱ ጀማሪ ተቀባይ እንኳ በሁለተኛው ዙር ይይዘዋል። መስመሩ ይረዝም እንደ ሆነ መጀመሪያ የሚታወቀው በተቀባዮቹ ነው፤ አውጪው በጥበቡ ቃሉን አጥፎ ያልፈዋል፤ አርባ ሰው ግን አንድ ላይ ሊያጥፍ አይችልም፤ ይንጫጫል። አዝማቹን ስትፈትኑ አርባችሁም የመጨረሻውን ቀለም በአንድ ጊዜ ትዘጉ እንደ ሆነ ስሙ። እዚያ ላይ ከተበተነ ግጥሙ ረዝሟል ማለት ነው።

ሦስተኛው ነገር ቋንቋው ነው። በመካከላችን በቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገር አለ፤ አማርኛ የሚናገርም አለ፤ ሌላም አለ። አንዳንዶች መዝሙሩን ሁለት ጊዜ እንግጠመው ይላሉ። እኔ ግን ሁለት መዝሙር ከሆነ ክፍሉ ለሁለት ይቆማል ብዬ እሠጋለሁ። ከዚህ ይልቅ በአንዱ አዝማች ውስጥ መሰናበቻውን ቃል መለዋወጥ ይቻላል። በአፋን ኦሮሞ ሰው ሲሰናበት «ነጋቲ» ይላል፤ በሰላም እንደ ማለት ነው። ስለዚህ በአንደኛው ዙር «ደኅና ሁኑ ስንል» ብለን፣ በሁለተኛው ዙር «ነጋቲ ስንባባል» ብንል፣ ሁለቱም ዜማው ብዙም ሳይለወጥ ይገባሉ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያስፈልጋል። በአፋን ኦሮሞ ድምፅ ሲረዝምና ሲያጥር ትርጉም ይለወጣል፤ «ለፈ» በአጭሩ መሬት ማለት ሲሆን፣ ድምፁ ሲረዝም ለስላሳ ማለት ይሆናል። ስለዚህ በ«ነጋቲ» ውስጥ ያለው «ጋ» ረዘም ያለ የዜማ ድምፅ ላይ ይውደቅ። በአጭር ድምፅ ላይ ብናስቀምጠው አፋን ኦሮሞ አዋቂው ቃሉ እንደ ተሰበረ ወዲያው ይሰማዋል።

የአገሬውን ዘፈን ወደ ትምህርት ቤት ማስገባት በዚህ አገር ሰዎች ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። በ1894 እ.ኤ.አ. በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ የታተመው የአፋን ኦሮሞ ማንበቢያ መጽሐፍ፣ አስቴር ጋኖ ከኦሮሞ ሕዝብ አፍ የሰበሰበቻቸውን ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች የያዘ ነበረ። እርስዋና ኦኔስሞስ ነሲብ በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ነቀምቴ መጥተው በዚሁ አስተምረዋል። ልጁ ማንበብን የተማረው ቀድሞ በአፉ በሚያውቀው ቃል ነው። እኛም የምንሻው ይህንኑ ነው።

ከዚሁ ጋራ አንድ ስሱ ነገር አለ፤ ልለፈው አልፈልግም። ከጓደኞቻችን ብዙዎቹ በእምነታቸው ምክንያት ዘፈን አይዘፍኑም። የመሰናበቻውን ነገር «ዘፈን» ብለን ከጠራነውና እስክስታ ከጨመርንበት፣ እነርሱ ከኋላ ረድፍ ቆመው አፋቸውን ዘግተው ይቀራሉ። ተቀባይ አነሰ ማለት ነው። በትምህርት ቤት ልማድ የተማሪዎች መዝሙር እየተባለ የሚጠራ አለ፤ በዚህ ስም ማንም አይሰናከልም። ጭብጨባውን ማንም ያጨበጭባል። እስክስታውን የሚወድ ከበዓሉ በኋላ በሚሆነው ጨዋታ ላይ ይምታው።

ወደ ዜማው ልምጣ። የመሰናበቻ ዜማ ሲባል ሁሉም የሚሮጠው ወደ ትዝታ ቅኝት ነው። ይህ መጥፎ አይደለም፤ ዳሩ ግን ትዝታ ሁለት ዓይነት መሆኑ አይዘንጋ። አንደኛው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚለው ነው። ሁለተኛው ሚው እና ላው በግማሽ ድምፅ ዝቅ የሚሉበት ነው፤ ይህም ኀዘን ይበዛበታል። በሁለተኛው ላይ በዝግታ ከተዘፈነ፣ የኩራቱ ግጥም ሳይቀር ለቅሶ ይመስላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ይዘን፣ በጭብጨባ ጠበቅ አድርገን ብንሄድ፣ ትዝታውም ኩራቱም ይገባሉ።

አሁን ደግሞ በልምምድ ጊዜ የሚበላሹትን ሁለት ነገሮች ልጥቀስ። የመጀመሪያው አነሣሡ ነው። አውጪው በበዓሉ ቀን ልቡ ስለሚሞቅ በልምምድ ካነሣው በላይ ከፍ አድርጎ ያነሣል። የእርሱ ድምፅ ይችለዋል፤ የወንዶቹ ተቀባዮች ድምፅ ግን በአዝማቹ ከፍተኛ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል፤ ግማሾቹም ዝም ይላሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በልምምድ ጊዜ ከሁሉ ወፍራም ድምፅ ያለው ልጅ የአዝማቹን ዝቅተኛ ድምፅ ሳይጨነቅ ይበለው፤ ከዚያ በኋላ እርሱው ራሱ ከፍተኛውን ይሞክረው። ሁለቱንም በሚችልበት ቦታ የመጀመሪያዋን ድምፅ በስልክ ቅዱና አስቀምጡ። በበዓሉ ቀን አውጪው ከመነሣቱ በፊት ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠግቶ ያዳምጣት።

ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው። ሰው ሲያጨበጭብ ሳያስበው ይፈጥናል። አንዱን መስመር ለማለት 5 ሰከንድ ያህል ይበቃል። ባለ አራት መስመር ግጥምና ባለ ሁለት መስመር አዝማች አንድ ላይ 30 ሰከንድ ይሆናሉ። ስድስት ዙር ከተባለ 3 ደቂቃ ነው፤ ከዚህ ማስረዘም እንግዳውን ማሰልቸት ነው። በስልካችሁ ሰዓት ለኩ። ስድስተኛው ዙር ከመጀመሪያው በ5 ሰከንድ ያህል ካጠረ፣ ጭብጨባው እየሸሸ ነውና አንድ ሰው በእግሩ እየመታ ይምራው።

ዝናቡንም አትርሱ። በዓሉ በክረምት መግቢያ ነውና፣ በመዝሙሩ መካከል ቆርቆሮው መጮኽ ከጀመረ የአንድ ሰው ድምፅ አይሰማም። በዚህ ጊዜ አውጪው ግጥሙን ይተወው፤ ሁሉም አዝማቹን ብቻ እየመላለሱ ይጨርሱ። ስለ ቆርቆሮና ስለ ዝናብ የሚናገር አዝማች ከያዝን፣ ዝናቡ ራሱ ከተቀባዮቹ እንደ አንዱ ይቆጠራል።

በመጨረሻም መዝሙሩ እንዴት ይዘጋ? ረቂቆቹ ሁለቱም አውጪው ብቻውን ከፍ ባለ ድምፅ እንዲዘጋ አድርገዋል። ይህ ለጭብጨባ ያመቻል፤ ለመሰናበቻ ግን አያመችም። አውጪው የመጨረሻውን ግጥም በምርቃት ቃል ያውጣው፤ ለምሳሌ፦

መንገዱ ይቅናልን ለቀሪም ለሂያጅ፣
ፈተና አይለየን የአንድ ቆርቆሮ ልጅ።

ከዚያም ሁላችን አዝማቹን ጭብጨባ ትተን በቀስታ አንድ ጊዜ ብለን እንዝጋ። ከእኛ አንዳንዱ በማግሥቱ በባኮና በአምቦ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ዴዴሳን ተሻግሮ ወደ ጊምቢ ይወርዳል፤ አንዳንዱም ሥራ እስኪያገኝ ወደ አባቱ እርሻ ይመለሳል። ይህ ግጥም «ለቀሪም ለሂያጅ» ሲል የሚሄደውንና የሚቀረውን አንድ ላይ ጠርቷቸዋል።

ኮሚቴውን የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ረቂቁን ከማጽደቃችሁ በፊት አዝማቹን ብቻ በወረቀት ጽፋችሁ፣ ከክፍላችን ፈተናውን እጅግ ለሚፈራው ልጅ ስጡትና እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ «ውጤቱ ባይቀናህ፣ ከዓመት በኋላ በሠርግ ቤት ብንገናኝና ይህን ብናነሣው ትቀበለናለህ?» እቀበላለሁ ካለ መዝሙሩ ተገኝቷል። ዝም ካለ ግን ግጥሙ ምንም ያህል ቢያምር አዝማቹ እንደ ገና ይገጠም።